ለመምህሩ የተሰፈረ ስንዴ

ባሌ ፈንታሁን ሁለት ሥራ የያዘው በኔ ጦስ ነው። ሌላ ሰው ከሚያወራብኝ እኔው ልናገረው።

ደሴ ሆስፒታል ሁለት ወር ተኝቶ የሳንባ መርፌውን ጨርሶ፣ የዓመት ክኒን ተሸክሞ መካነ ሰላም ሲመለስ የሐኪሙ ትእዛዝ ግልጽ ነበር፤ ጠዋት ያስተምር፣ ከሰዓት በኋላ ይተኛ። ካልተኛ በሽታው ይመለሳል፣ ሲመለስ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ግን የሣር ክዳናችን ያፈሳል፣ እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "የጎረቤታችን የነበለጡ ቤት ቆርቆሮ ለበሰ" እያልኩ ነጋ ጠባ ነዘነዝኩት።

ንጉሡ በወረዱ በዓመቱ የእርዳታ እህል መጋዘኑ ጸሐፊ ሲፈልግ ሳያማክረኝ ገባበት። "ኧረ ተኛ" ስለው፣ "ስተኛ ቆርቆሮው በራሱ ይመጣል?" ይለኛል። ምን ልበል፣ የራሴ አፍ ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ሱሪውን በገመድ ማሰር ጀመረ፤ ሳሉም ተመለሰ። አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ "አቤት" ያለውን ሁሉ ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ ጠይቆ፣ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አስፈረመው። ተማሪዎቹ ስንዴ ሊታደል ነው ብለው ጆንያ ሊያመጡ ሮጡ። ከተማው ሁሉ ሳቀ።

መጋዘኑ ጋ ደንብ አለ። ሽማግሌው አባ ሞላ ከሰልፉ እየዞሩ አቅም ያጣውን ይለያሉ፣ እሱ ይቀድማል። አንድ ከሰዓት ከደሴ አዲስ እህል አዳይ መጣ። ፈንታሁን ወገቡን ሊያፍታታ ከጠረጴዛው ተነስቶ ግድግዳ ተደግፏል። አባ ሞላ ሰባት ሰው ለይተው እሱ ጋ ደረሱ፣ ትክ ብለው አዩትና "ይሄም ይቅደም" አሉ።

"አባ፣ እኔ እኮ ጸሐፊው ነኝ።"

"አውቅሃለሁ ልጄ። ይቅደም።"

አዳዩም ማን ነህ ሳይለው የፈንታሁንን ጋቢ ዘርግቶ ስንዴ ሰፈረለት። ከሰልፉ አንድም ሰው አላጉረመረመም። የሚያስፈራው ይሄ ነው።

ከተሰለፉት አንዷ እማማ ሀሊማ ክንዱን ደግፈው ቤት አደረሱት። እኚያ አጥንታቸው የሚቆጠር ሴትዮ ደጃፌ ላይ ቆመው፣ "ወላሂ ልጄ፣ እኛን የመታን ድርቁ ነው። እሱን ምን መታው?" አሉኝ።



ስንዴውን ያኔውኑ ወደ መጋዘኑ መለስኩ፤ ሌላ ጸሐፊም ፈልጉ አልኳቸው። ስመለስ ዝናቡ ጀምሯል፣ ፈንታሁን እንደ ድንጋይ ተኝቷል። ከራስጌው በላይ ክዳኑ የሚያፈሰው ውሃ ከሥሩ በደቀንነው ሳህን ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ነጠላዬን አጥፌ ሳህኑ ውስጥ አነጠፍኩት፣ ድምፁ እንዳይቀሰቅሰው።