አራት ቱቦ ወይስ አንድ ድልድይ

እድላዊት ማጠቃለያውን አትማ ስትጨርስ ደስ ብሏት ነበር፤ ደስታ ደግሞ መሐንዲስን ያሳውራል። ቦታው ድረስ ሄዳ ለክታ፣ አርባ ምንጭ ቢሮዋ ተቀምጣ ያጠናችው ከካምባ ከተማ ወዲያ የአንዲት ቀበሌን መንገድ የሚያቋርጥ ወንዝ ነው። ውኃን በመንገድ ሥር የሚያሳልፍ ካልቨርት ይሻላል ወይስ ትንሽ ድልድይ? አራት ሰፋፊ የኮንክሪት ቱቦ ያለው ካልቨርት አራት ሚሊዮን ተኩል ብር ይፈጃል፤ በአንድ ወር ያልቃል፤ ለሥራውም ደህና ግንበኛ ይበቃዋል። የአሥር ሜትሩ ድልድይ አሥራ ስድስት ሚሊዮን፣ አራት ወርና ፌሮ አሳምሮ የሚያስር ባለሙያ ይጠይቃል፤ በምትኩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። "ካልቨርቱ ተመርጧል" ብላ ዘጋችው። ስምንት ሰዓት ላይ በጀት ኮሚቴው ይሰማታል።

ረፋዱ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ አጵሎስ መጡ። ሕዝቡ ድንጋይና ጉልበት እንደሚያዋጣ የሚገልጸውን ደብዳቤ ይዘው፣ ከካምባ በሌሊት ተነስተው፣ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር ከነአቧራቸው ወርደው ነው የደረሱት። እድላዊት ሻይ አስመጣችላቸውና ማጠቃለያውን በኩራት ዘረጋችው። ሰውየው ጽሑፉን ትተው ፎቶግራፉ ላይ ተተከሉ። በፎቶው ላይ ወንዙ ዳር ያለ ዛፍ ግንዱ በእንሰት ቅጠል ታስሯል፤ እድላዊት ሜትሯን አቁማ የለካችው እዚያ ድረስ ነው።

"ይሄን ለምን ለካሽው ልጄ?"

"ጎርፉ የሚደርስበት ከፍታ ነዋ፣ አባቴ። እናንተ ያሰራችሁት ምልክት አይደል?"

አቶ አጵሎስ ሳቁ። ክፋት የለበትም ሳቃቸው፤ ለእሷ ግን እንደ ጥፊ ነበር።

"ኧረ የለም! ውኃው እዚህ ከደረሰ ሰው አይሻገር ማለታችን ነው። ጉልበት ድረስ ነው እሱ። ዝናብ ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ እናስራለን። ጎርፉማ..." ብድግ ብለው ደረታቸውን መቱ፤ "እዚህ ነው! ያውም ዛፍ ከነሥሩ ይዞ።"

እድላዊት ለመለካት የሄደችበት ቀን ትዝ አላት። ያን ቀን ሾፌሩ "ይመሽብናል" እያለ ሲነዘንዛት፣ ቅጠሉን አይታ፣ ለክታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ነው መኪና ውስጥ የገባችው። አንዲት ጥያቄ! ለዚያች ነው የሰነፈችው። ወዲያው ካልኩሌተሯን አነሳች። ውኃው ደረት ድረስ ከሆነ በሰከንድ አሥራ አንድ ሜትር ኩብ ያለችው ጎርፍ ሠላሳ ስምንት ይሆናል። ለዚያ አሥራ አራት ቱቦ ያስፈልጋል፤ ስምንት ሜትር ስፋት ባለው ወንዝ ላይ አሥራ አራት ቱቦ የት ይደረደራል? በቱቦ ፈንታ ሦስት የኮንክሪት ክፍል ያለው ትልቅ ባለሣጥን ካልቨርት ውኃውን ያሳልፋል፤ ዋጋው ግን አሥራ አራት ሚሊዮን ነው፣ ጎርፉ የሚያመጣው ግንድም መካከለኛ ግድግዳዎቹ ላይ ተጋድሞ ይዘጋዋል። ድልድዩ መሐሉ ክፍት ነው፤ ግንዱ ከሥሩ ያልፋል።

ወረቀቱን ይዛ ወደ አለቃዋ ወደ አቶ ሀብተሚካኤል ቢሮ ሄደች። ሰውየው በቁጣቸው የታወቁ ናቸው፤ እሷ ደግሞ ቋሚ ሠራተኛ ከሆነች ገና ሦስት ወሯ ነው።

"ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ" አለች፣ ሳትቀመጥ።

ሁሉንም ሰሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

"ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?"

"ስምንት።"

"ታዲያ ምን ያስቆምሻል? ሂጂ አስተካክዪዋ! ስህተቱንም ራስሽ ትናገሪያለሽ፤ እኔ አላወራልሽም።"

ተናገረች። ኮሚቴው ፊት፣ ቅጠሉን ሳትደብቅ፣ ሁሉንም ተናገረች። የፋይናንስ ኃላፊዋ ወይዘሮ ወርቂቱ አሥራ ስድስት ሚሊዮን ሲባል እስክሪብቶአቸውን ወረወሩ። "ከየት ይምጣ?" አሉ። ያን ጊዜ ደብዳቤያቸውን ይዘው ስብሰባው ላይ የተገኙት አቶ አጵሎስ ፈቃድ ጠይቀው ተነሱ። ለድልድዩ መደገፊያ ግንቦች የሚሆነውን ድንጋይ ሕዝቡ ፈልጦ፣ ተሸክሞ፣ ወንዙ ዳር ያደርሳል አሉ። ድንጋዩና ጉልበቱ ሲቀነስ ድልድዩ አሥራ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ላይ ወረደ። ባለሣጥኑ ካልቨርት አብዛኛው ፌሮና ሲሚንቶ ስለሆነ ብዙም ፈቅ አላለም። ወይዘሮ ወርቂቱ አሰቡ፤ ወጪውን ለሁለት የበጀት ዓመት አከፋፈሉት። ዘንድሮ በበጋው ግንቦቹ ይቆማሉ፤ በሚቀጥለው በጋ ከላይ ኮንክሪቱ ይሞላል። ጸደቀ።

እድላዊት ግቢው ውስጥ ስትደርስ ከጠዋት ጀምሮ ያፈነችውን አየር ለቀቀችው። እፎይ! ራቧንም ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። አቶ አጵሎስ ከኋላ ደርሰው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ይቅርታ አባቴ፣ አንድ ዓመት አስጨመርኩባችሁ" አለቻቸው።

"ተይ እንጂ!" አሉ። "ቱቦውን ሠርታችሁልን ቢሆን እኮ መንግሥት የሠራው መንገድ ነው ብለን፣ ጎርፍ ሲመጣም ልጆቹን በላዩ ላይ እንልክ ነበር።"

እድላዊት ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች፤ አቶ አጵሎስም አጠገቧ ተቀመጡ።