የጋሽ ይርጉ ርካሽ ኔትወርክ

እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ አሜሪካ ቡሪየን ባለው አፓርትመንታችን ውስጥ አራት ሰዎች አንዲት ስልክ ከበን ተቀመጥን። ስልኳ የእህቴ ልጅ የጌዴዎን ናት። ጌዴዎን ሩሲያ፣ ካዛን አምስት ዓመት ተምሮ ወደ እኛ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። የባንክ ካርዱ ከሩሲያ ውጭ ስለማይሠራ፣ ያጠራቀማትን ስድስት መቶ አርባ ዶላር ዩኤስዲቲ በሚባለው ዲጂታል ዶላር ለውጦ በአንድ የሩሲያ የክሪፕቶ መገበያያ ውስጥ አስቀምጧታል። ሰኞ ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት ስድስት መቶ ካልከፈለ ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል።

ገንዘቡ እንደሚጠፋ እኔ ከዓርብ ጀምሮ አውቄዋለሁ።

ጌዴዎን ሩሲያኛ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። ስልኩን የያዙት ግን ጋሽ ይርጉ ናቸው። ጋሽ ይርጉ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ እኔንና ባለቤቴንም ያጋቡን እሳቸው ናቸው። በደርግ ጊዜ ኦዴሳ ሁለት ዓመት የትራክተር ጥገና ተምረዋል። እሳቸው ባሉበት ቤት ሌላ ሰው ሩሲያኛ ሊያነብ? የማይታሰብ ነው።

«ቪኒማኒዬ!» አሉ በወታደር ድምፅ። ጽሑፉ ቀይ ነበር። «ተጠንቀቁ ማለት ነው።»

ድንግጥ አልኩ። «ከማን?»

«ቆዪ እስቲ፣ የኔነሽ።» ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት። «ኔትወርክ፣ ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ማለት ነው፣ ምረጡ ይላል። ኢአርሲ ሃያ፦ ትንሹ መጠን ሃምሳ፣ ኮሚሲያ፣ ማለት የመላኪያ ክፍያው፣ አሥራ ሁለት ዶላር። ቢኢፒ ሃያ፦ ትንሹ መጠን አሥር፣ ኮሚሲያ ሃምሳ ሳንቲም።» ቀና አሉ። «ይሄ ምን ያጠያይቃል?»

ልጄ ኖላዊት ላፕቶፕዋን ከፍታለች። ገንዘቡ የሚገባው በእሷ የአሜሪካ መገበያያ አካውንት ነው። «ማሚ፣ እዚህ ኢአርሲ ሃያ ኦንሊ ይላል» አለች።

«ኦንሊ የሚሉት አሥራ ሁለቷን ፈልገው ነው» አሉ ጋሽ ይርጉ። «ኤርፖርት ሻትል ስነዳ ሃያ ዓመቴ፤ የአሜሪካን ኦንሊ ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ደግሞ አድራሻሽን አስገብቼው ተቀብሎኛል። ስሕተት ቢሆን እምቢ ይል ነበር።»

ጌዴዎን ምንጣፉን እያየ ፈገግ አለ። ውሃ አቀብለኝ ብዬ ወደ ኩሽና ወሰድኩት።

«እውነታቸውን ነው?»

«አይደለም አክስቴ። የሁለቱም ኔትወርክ አድራሻ መልኩ አንድ ስለሆነ ነው የተቀበላቸው። ገንዘቡ ግን ኖላዊት ጋ አይገባም። ቀዩ ጽሑፍ እኮ የሚለው እሱን ነው፤ ተቀባዩ በማይደግፈው ኔትወርክ ከላካችሁ ገንዘባችሁን አታገኙትም ይላል።»

«ታዲያ ንገራቸዋ!»

«እኔን አላጋቡኝም። አንቺ ንገሪያቸው።»

ስድስት መቶ አርባ ዶላር መጥፋቱ አንድ መዓት ነው። ጋሽ ይርጉን በልጄ ፊት ተሳስተዋል ማለት ሌላ መዓት ነው። የትኛው እንደሚብስ መለየት አቅቶኝ ተመለስኩ።

«ጋሽ ይርጉ፣ ፈሪ መሆኔን ያውቃሉ። መጀመሪያ ትንሹን መጠን፣ አሥሯን ብቻ ብንልክስ?»

«በእኔ እምነት የለሽም?»

«በእርስዎማ አለኝ። በሩሲያኖቹ ነው የሌለኝ።»

ይህ ደስ አላቸው። ቢኢፒ ሃያን መረጡ፤ አሥር ጻፉ። ከታች የሚደርሰው ዘጠኝ ከሃምሳ ሆኖ ወጣ። ጌዴዎን በኢሜይል የመጣለትን ኮድ አስገባ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ይርጉ «ቪፖልኔኖ!» ብለው ተነሡ። «ተፈጽሟል!»

ሁላችንም ወደ ኖላዊት ዞርን። ዜሮ። ምሳ በላን። ዜሮ። ሳህን አጥቤ ተመለስኩ። ዜሮ።

«ሩሲያኖቹ ልከዋል፤ ማስረጃው ይኸውላችሁ» አሉ ጋሽ ይርጉ። «የበሉት አሜሪካኖቹ ናቸው።»

ጌዴዎን እንደዚያ ትሑት ሆኖ አይቼው አላውቅም። «ልክ ነዎት ጋሼ። እንግዲህ እነሱ ካስቸገሩ የቀረውን በእነሱ መንገድ ብንሄድላቸውስ?»

ጋሽ ይርጉ እንደ ዳኛ አሰቡበት። «ይሁን። አሥራ ሁለቷን ይብሏት።»

ኢአርሲ ሃያን መረጡ፤ ስድስት መቶ ሠላሳ ጻፉ። ከታች ስድስት መቶ አሥራ ስምንት ይደርሳል አለ። ቁጥሩን አራት ጊዜ አስነበብኳቸው። አድራሻውን ከኖላዊት ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁ። ከዚያ ተጫኑት፤ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ኖላዊት «ኢትስ ሂር» አለች። ስድስት መቶ አሥራ ስምንት። ተመልሶ እንዳይወጣ ብዬ ገጹን ሦስት ጊዜ ሪፍሬሽ አስደረግኋት።

ጋሽ ይርጉ ለጸሎት አስነሡን። «ጌታ ሆይ፣ በርካሹ መንገድ የሄደችውን አሥር ዶላር አንተ ታውቃታለህ። ከአሜሪካኖቹ እጅ አስጥልልን።»

«አሜን» አልን፤ ከሁላችንም በላይ የጮኸው ጌዴዎን ነው።

ጋሽ ይርጉ ኮታቸውን እየለበሱ «በሚቀጥለው እሑድ ማስታወቂያ አስነግራለሁ» አሉ። «እንዲህ ዓይነት ችግር ያለበት ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ።»

በሩን ዘግቼ ለእነዚያ ሰዎች መጨነቅ ጀመርኩ።