አራት ከአምስት ያንሳል

ሚስቴ ወለተ ሚካኤል ስኳር አለባት። ሰባት ዓመት ሆናት። ከሆስፒታሉ የሚሰጣትን ነጭ ክኒን በቀን አንድ ትውጣለች። ስሙ ግሊቤንክላማይድ ነው፣ አምስት ሚሊ ግራም። ስሙን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። እስከዚያ ድረስ ነጩ ክኒን ነበር የምለው።

በሐምሌ መጨረሻ ስኳሯ ከፍ አለ። ጅዳ ያለችው ልጃችን ትርፌ በስልክ ሰማች። የምትሠራበት ቤት እመቤትም ስኳር አለባት። ትርፌ የእመቤቲቱን መድኃኒት ፓኮ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ።

«አባቴ፣ ለእማዬ ይሆን እንደሆነ ለባለሙያ ያሳዩልኝ» አለች። «ይሆናል ካሉዎት እታለም ሰኞ ትመጣለች፣ በእሷ እልካለሁ።»

እታለም የጎረቤታችን ልጅ ናት፣ ከትርፌ ጋር አብረው የሄዱ።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነበር። ከአጎራባች ወረዳዎች፣ ከዝቋላ፣ ከጋዝጊብላ የመጣው ሰው ሁሉ ከገበያው በፊት ሆስፒታል ይገባል። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ሁለት ሰዓት ቆምሁ። የመስኮቱ ባለሙያ ጸሐይነሽ ትባላለች። ስልኬን ተቀብላ ፎቶውን በሁለት ጣቶቿ አሰፋችው።

«ይኸውልዎ አባቴ። ይህ ትልቁ ጽሑፍ ሱክረናል ይላል። ፋብሪካው ያወጣለት ስም ነው። ከሥሩ በደቃቁ ግሊሜፒራይድ ይላል። ሥራውን የሚሠራው ንጥረ ነገር እሱ ነው። አራት ሚሊ ግራም የሚለው በአንዱ ክኒን ውስጥ ያለው መጠን ነው። የሚያበቃበት ቀን ግን ፎቶው ላይ ተቆርጧል።»

«የስኳር ነው?»

«የስኳር ነው።»

«እንግዲያው ትላከው ልበላት?»

«እንዲያ አላልኩም። እኔ ያየሁት ፓኮውን ነው። ባለቤትዎን አላየሁም። ካርዷን፣ አሁን የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ እሷንም ይዘው ይምጡ።»

«ለማንበብ ነው እንጂ ለምርመራ አልመጣሁም።»

«አነበብኩልዎት እኮ።»

ከኋላዬ አንዱ ሳቀ። ስልኬን ከእጇ ነጥቄ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት አቁማኝ፣ መልሱን እያወቀች፣ ሂድና ተመለስ የምትለኝ መሰለኝ። በመንገድ ላይ እየተሳደብሁ ነው የሄድሁት። በዚህ ዕድሜዬ በመንገድ ላይ ብቻዬን ተሳድቤ አላውቅም ነበር።

ዘመነ ከቤታችን በታች ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። የእህቴ ልጅ ነው። ማመልከቻ ይጽፋል፣ ከውጭ አገር የተላከ ወረቀት ሁሉ በስልኩ ያነባል። ስልኩ ፎቶ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ዐረብኛም ይሁን እንግሊዝኛ፣ ወደ አማርኛ ይመልስለታል። የሰፈሩ ሰው ክኒኑን፣ የበግ መድኃኒቱን፣ የዘር ከረጢቱን ሳይቀር እሱ ጋ ይወስዳል።

«አያ ካሤ፣ ለዚህ ነው ሁለት ሰዓት የቆሙት?» አለኝ። «እኔ ጋ ቢመጡ ኖሮ አንድ ሻይ እስኪጠጡ ያልቅ ነበር።»

ስልኩን በስልኬ ላይ ደቀነው። እሷ ያለችውን ሁሉ ደገመው። ሱክረናል፣ ግሊሜፒራይድ፣ አራት ሚሊ ግራም። አንድም አልተሳሳተም።

«እትዬ ወለተ ሚካኤል የምትወስደውስ?»

የነጩን ክኒን ባዶ ፓኮ ከኪሴ አወጣሁ። እሱንም አነበበው።

«ይኸው፣ ስሙ ሌላ ነው፣ ንጥረ ነገሩም ሌላ ነው። አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ መውሰድ አይሆንባትም። መጠኑ ደግሞ ነጩ አምስት ነው፣ ይህ አራት። አራት ከአምስት ያንሳል። ቀላል ነው። ነጩን ሳታቋርጥ ትጨምረው። ጠዋት ይወሰዳል ይላል።»

ይህን ነበር መስማት የፈለግሁት። ለትርፌ ደወልሁ። ባለሙያ አይቶታል አልኋት። ለወለተ ሚካኤልም ይህንኑ በአፌ ተናገርሁ።

ፓኮው ሰኞ ገባ። ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ወለተ ሚካኤል ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። የንስሐ አባታችን፣ በሽተኛ ነሽ፣ ብዪ ብለዋት ነበር። መድኃኒቱን በውኃ መዋጥ ብቻ ተቀበለች። በሌላው ጾም ነጩን ክኒን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምግብ ጋር ነበር የምትውጠው። አሁን ግን ጠዋት ይላል ተባለ። ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱንም በአንድ ጉንጭ ውኃ አወረደቻቸው። ዐይኔ እያየ።

ሰባት ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ነበርን። ቅዳሴው ሊገባ ሲል ጎረቤታችን አመተ ሥላሴ በሴቶች በር በኩል መጥታ በእጇ ጠራችኝ።

«ና እስቲ፣ ሚስትህ ደኅና አይደለችም።»

ወለተ ሚካኤል ግንቡን ተደግፋ ተቀምጣለች። ነጠላዋ በላብ ርሶ ከአንገቷ ጋር ተጣብቋል። እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ። ግንባሯን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። በልጅነት ቋንቋዋ በኽምጣኛ ታወራለች። ካገባኋት አርባ ሦስት ዓመት ነው፣ በቤታችን ኽምጣኛ ተናግራ አታውቅም። ከሞተች ሠላሳ ዓመት የሆናትን እህቷን ትጠራለች።

«ለክፏት ነው» አለች አንዲት ሴት። «ጠበል አምጡ።»

«ስኳር ነው» አለች አመተ ሥላሴ። «የእናቴም እንዲህ ነበር። አንድ ነገር ትቅመስ።»

ማር ተገኘ። ወደ አፏ ስናስጠጋው ጥርሷን ነከሰች። ጾም ነው አለች፣ ይህን ብቻ በአማርኛ። ሁለተኛ ስንሞክር ጥርሷን የምትነክስበትም አቅም አልነበራትም፣ አንገቷ ወደቀ። ከዚያ በኋላ አመተ ሥላሴ ማሩን ወሰደችው። ሳትነቃ ካጎረስናት ትታነቃለች አለች። ባጃጅ ጠርተን ጫንናት።

ሆስፒታል ጣቷን ወግተው ለኩ። ሠላሳ አራት አሉ። ከሰባ በታች ከሆነ ያስጋል ተባልሁ። በደም ሥሯ ስኳር ሰጧት። ጥቂት ቆይታ ዐይኗን ገለጠች። ይዣት ለመሄድ ስነሣ ሐኪሙ ከለከለኝ። መድኃኒቱ ሰውነቷ ውስጥ ስላለ ስኳሯ እንደገና ይወርዳል አለ። እውነቱን ነው። አመሻሹ ላይ ወረደ። እንደገና ሰጧት።

በማግሥቱ ጠዋት ጸሐይነሽ መጣች። ሁለቱን ፓኮዎች በእጇ ይዛለች። እኔን አውቃኛለች። ነቀፋ ጠብቄ ነበር። አልነቀፈችኝም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ስልሳ ስምንት።»

«ኩላሊቷን ተመርምራ ታውቃለች?»

«ዐምና ትንሽ ደክሟል ተብላለች።»

«አሁን ትጾማለች?»

«እስከ ዘጠኝ።»

«ሁለቱን መቼ ዋጠች?»

«ጠዋት። በባዶ ሆዷ።»

ሁሉንም አውቀው ነበር። በዚያ ሐሙስ ዕለት መስኮቱ ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ በአፌ ይዤ ነበር። ይዘዋት ይምጡ ስትለኝ ነው ሸሽቼ የሄድሁት። ቁጣዬ መሄጃ አጣ። ወደ ዘመነ ዞረ።

«ያ ውሻ» አልሁ። «ያነበበልኝ እሱ ነው። ውሸታም።»

ዘመነ ያነበበልኝን ስምና መጠን ነገርኋት፤ ጸሐይነሽ ፓኮውን ከፍታ ክኒኖቹ የታሸጉበትን ቅጠል አወጣች። ቅጠሉ ላይ የተጻፈውን ከፓኮው ጋር አስተያየች።

«አልዋሸም» አለች። «ስሙ፣ መጠኑ፣ ንጥረ ነገሩ፣ ሁሉም ልክ ነው። መድኃኒቱም ደኅና መድኃኒት ነው፣ ቀኑም አላለፈም። ነገር ግን ሁለቱ ስማቸው ይለያይ እንጂ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሁለቱም ቆሽትን እያስገደዱ ስኳር የሚያወርደውን ነገር ያስረጩታል። ስኳሩን ሁለት ሆነው አወረዱት፣ ሆዷ ደግሞ ባዶ ነው፤ ኩላሊቷም መድኃኒቱን ቶሎ አያስወጣም።»

«አራት ከአምስት ያንሳል አለኝ።»

«የአንዱ መድኃኒት ሚሊ ግራም ከሌላው ጋር አይወዳደርም። በዚህኛው አራት ትንሽ አይደለም። እሷን በዚህ ዕድሜዋ፣ ሐኪም ቢያዝላት እንኳ፣ ከአንድ ሚሊ ግራም ነበር የምንጀምራት።»

ወለተ ሚካኤል ከአልጋው ሆና ትሰማ ኖሯል።

«ባለሙያ አይቶታል አላልኸኝም?» አለችኝ።

«ብያለሁ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለትርፌ ደውዬ እውነቱን ነገርኋት። አለቀሰች። እናቴን በገዛ እጄ አለች። አንቺ ባለሙያ ጠይቁ ብለሻል፣ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ አልኋት። ይህን ስናገር ወለተ ሚካኤል ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነበር።

አርብ ወደ ቤት ለቀቋት። አዲሱን መድኃኒት ከለከሏት፤ ነጩንም ኩላሊቷ እንደገና ታይቶ ሐኪሙ እስኪወስን ድረስ አቆሙላት። ወደ ዘመነ ወረድሁ። በትሬን ይዣለሁ። ሱቁ ውስጥ የማላውቃት ሴት አለች፣ ከጽጽቃ የመጣች፣ አቧራዋን ያላራገፈች። ስልኳን ዘርግታ ታሳየዋለች።

ዘመነ ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሣ። ሰምቷል።

«አያ ካሤ፣ በማርያም፣ ያነበብሁት ስህተት ነበረበት እንዴ?»

«አልነበረበትም።»

«ታዲያ…»

«ትጨምረው ያልኸኝ ፓኮው ላይ ተጽፏል?»

ዐይኑ ወደ በትሬ ወረደ። እሱን ብመታው የሚመታው እኔ እንደሆንሁ አውቃለሁ። ጸሐይነሽን ሰምቶ ጥሎ የሄደው እሱ አይደለም።

ሴትዮዋ እኔንና እሱን ታያለች። ስልኳ ላይ የመድኃኒት ፓኮ ፎቶ አለ።

«ልጄ ከቤይሩት ልትልክልኝ ነው» አለች። «የግፊት ነው ትላለች።»

«አንብብላት» አልሁት ዘመነን። «ስሙን፣ ንጥረ ነገሩን፣ መጠኑን፣ የሚያበቃበትን ቀን። ወረቀት ላይም ጻፍላት። ከዚያ ዝም በል።»

አነበበላት። ጻፈላት።

«ልውሰደው ታዲያ?» አለችው።

ዘመነ እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ወለሉ።

«እኔ አላውቅም፣ እናቴ።»

«ፓኮውን አንብበኸዋል እኮ።»

«ፓኮውን ነው ያነበብሁት።»

ሴትዮዋ ተቆጣች። ከጽጽቃ ድረስ ለዚህ ነው የመጣሁት አለች። ሰው አይጠየቅም ወይ አለች። ቁጣዋን አወቅሁት፣ የእኔው ነው።

«ሌላ የምትውጪው መድኃኒት አለሽ?» አልኋት።

«አለኝ። ቤት ነው።»

«ፓኮው?»

ከመቀነቷ የተጨማደደ ባዶ የክኒን ቅጠል ፈትታ አወጣች።

«ነይ» አልኋት። «መስኮቱ ጋ ወረፋ አለ። አብሬሽ እቆማለሁ።»

እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ እያጉረመረመች ተከተለችኝ።