የማትታወቀው መኪና

በከር ከአብነት ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ጋራዡ ሃያ ዓመት ሠርቷል። መኪና ሲመረምር መጀመሪያ ሞተሩን አይከፍትም፤ «ወንድሞቿ የት አሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አምሳያ መኪኖቿን ማለቱ ነው። በከተማው ውስጥ ወንድም የሌላት መኪና ስትታመም ብቻዋን ነው የምትሞተው ይል ነበር።

የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳርና ዘይት ከመጋዘን የሚያመላልስ መኪና ሊገዛ ሲነሳ፣ ሊቀመንበሩ ጓድ ፈቃደ ሁለት መኪና አሳየው። አንዷ ቀለሟ የለቀቀ አሮጌ የቮልስ ኮምቢ ናት። ሌላዋ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሰው የሚሸጣት፣ እንደ እንቁላል የምታበራ የጭነት መኪና፤ ስሟን እንኳ አጥርቶ የሚጠራት አልነበረም።

በከር እሷን ሳይነካ ወደ ሱማሌ ተራ ሄደ። የመለዋወጫ ነጋዴው ሐጂ ሁመድ መሳቢያዎቹን እየሳበ አሳየው።

«ለኮምቢ የፍሬን ጎሚኒ ከፈለግህ በየመጠኑ አለ። ለዚያች ለምትላት ግን ልጄ፣ እኔ ጋ ቀርቶ መርካቶን ብታስሳት አታገኝም። ከውጭ ላስመጣ ብትል ደግሞ የምንዛሪ ፈቃዱን ማን ይሰጥሃል?»

በከር የሰማውን ለኅብረት ሱቁ አባላት ስብሰባ ተናገረ። «ኮምቢዋ ትበላሻለች፤ አልዋሽም። ግን ስትበላሽ እዚህ ሰፈር አሥር መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል። ያችኛዋን እኔም ፈትቻት አላውቅም።»

ፈቃደ ሳቀ። «ጓዶች፣ ጋሽ በከር የማያውቁትን ነገር ይፈራሉ። እኛ አሮጌ ነገር ለመልቀም አልተደራጀንም።»

እጆች ተነሡ። የምታበራዋ ተገዛች።

ስምንት ወር ያለ እንከን ሠራች። በከር በመንገድ ሲያልፍ ሴቶች «ሟርተኛው መጣ» እያሉ ይሳለቁበት ጀመር። የከነከነው ግን መሳለቃቸው ሳይሆን፣ አንዳንዴ እንድትበላሽ መመኘቱ ነበር።

በዘጠነኛው ወር የፍሬን ዘይቷ ጎደለ። ሾፌሩ ሚደቅሳ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ እንደማንኛውም መኪና ተራውን የፍሬን ዘይት ገዝቶ ሞላ። ያቺ መኪና ግን የምትፈልገው ሌላ ዓይነት ዘይት ኖሯል። መጽሐፏ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ማንም በማያነበው ቋንቋ። በሳምንቱ ፍሬኗ እየያዘ አልለቅ አለ። በከር ሲፈታው ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች፣ ጎሚኒዎቹ፣ ዘይቱን ጠጥተው፣ እንደ ራሰ ባቄላ አብጠው አገኛቸው።

ሦስት ቀን ሱማሌ ተራን አሰሰ። በከተማው የነበሩትን ሁለት አምሳያዎቿንም አፈላለገ፤ አንዷ ቆማ ሣር በቅሎባታል፣ የሌላዋን ባለቤት የሚያውቅ ጠፋ።

«የለም፤ ትቁም» አለ ለፈቃደ።

«ሕዝቡ ስኳር እየጠበቀ ትቁም? ከኮምቢ ጎሚኒ አስተካክልና ግጠም።»

«በመጠን አይገናኙም። ቢገባም አይታመንም።»

«እምቢ ማለትህ ነው? በዚህ ጊዜ እምቢ ማለት ምን እንደሚባል ታውቃለህ።»

በከር ያውቃል። ቤቱ ውስጥ ሚስቱ ዘይቱና አሉ፣ አራት ልጆች አሉ። ከኮምቢው ጎሚኒ ተለቅ ያለውን መርጦ በምላጭ ከረከመ፣ ቱቦዎቹን አጥቦ ተራውን ዘይት ሞላ፣ ገጠመ። ፔዳሉን ሲረግጠው ያዘ። ለሚደቅሳ «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ጭነት አታብዛ» አለው። ጎሚኒው የተከረከመ መሆኑን ግን አልነገረውም።

በአራተኛው ቀን ሚደቅሳ ስኳር ጭኖ ከተክለ ሃይማኖት ቁልቁለቱን ሲወርድ ፔዳሉ ባዶውን ገባ። የተከረከመው ጎሚኒ ግፊቱን አልቻለም፤ ዘይቱን ሁሉ ለቆታል። ሰው እንዳይገድል ብሎ መኪናዋን ከግንብ አላተማት። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

በማግሥቱ በከርን «አሻጥር» ብለው ቀበሌ አሰሩት። ፈቃደ ከስብሰባው ፊት ቆሞ፣ «መጀመሪያም አልወደዳትም ነበር፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለ። በከር እውነት የተናገረባት ቀን ማስረጃ ሆና መጣችበት።

ዘይቱና አራት ወር ምሳ አመላለሰች። በአምስተኛው ወር ማንም ምንም ሳይል በሩን ከፈቱለት።

ቤቱ ሳይገባ ሚደቅሳ ዘንድ ሄደ። ሰውየው አልጋው ላይ ተቀምጦ በከዘራ ወለሉን እየቆረቆረ ነበር፤ እግሩ አጥሯል።

«አንተ አስቀድመህ ነግረሃቸው ነበር፤ አልሰሙህም እንጂ» አለው ሚደቅሳ፣ ሊያጽናናው።

በከር ያጠረውን እግር አየ። ነግሯቸው ነበር፤ አዎ። ጎሚኒውን የከረከመው እጅ ግን የፈቃደ አልነበረም።

«ለእነሱ ነገርኳቸው» አለ በመጨረሻ፣ ቀና ብሎ ሳያየው። «ላንተ ነው ያልነገርኩህ።»

ሚደቅሳ ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። «በል እንግዲህ፣ ሂድ፤ ልጆችህ ይጠብቁሃል» አለው፤ እጁን ግን አልዘረጋለትም።