ማኅተም ያለበት ወረቀት ይበቃል

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። እኔ ከእግሯ በኩል ተቀምጬ ስልኳን ይዣለሁ። ከሐኪም ቤት ተመልሰን ጫማችንን ያወለቅነው በስንት መከራ ነው፤ እሷ አቅም አጥታ፣ እኔ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኝ።

ምን እንዳመማት አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ ስታነቡ ትደርሱበታላችሁ።

የልጄ ልጅ ናት፤ እናቷ ርቃ ስለምትሠራ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ሥራዋ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ፣ እጅጌ የሚገጠምበት ክፍል ነው። እዚያ አንድ ሰው ከቀረ ወዲያው ይታወቃል። የእሱ ማሽን ሲቆም ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ሳያስታውቅ የቀረ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። እሷ አንድ አለባት፤ ያኔም የቀረችው እኔን ልታስታምም ነበር። ሌላ ከተጨመረባት እንጀራዋ ነው የሚቆረጠው።

«ጻፊልኝ እምዬ፣ መጻፍ አቃተኝ» አለችኝ። «ለኃላፊዬ ለብቻው ይሁን፤ የሠራተኞቹ ግሩፕ ውስጥ እንዳትልኪው።»

«ምን ብዬ?»

«‹ጤና ይስጥልኝ። በሕመም ምክንያት ዛሬ ሥራ አልገባም። ሐኪም ቤቱ እስከ እሑድ ፈቃድ ሰጥቶኛል፤ ወረቀቱን አያይዣለሁ።› በቃ።»

በቃ! እንዲህ ያለ ደረቅ ነገር ልኬ ልጄን ላስባርራት? ሰው የሚራራው ሲያውቅ አይደል? ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ስልክም መነካካት ለምጃለሁ፤ ስለዚህ ከሥሩ ጀመርኩ። የት ቦታ እንደሚያማት፣ እንዴት እንደጀመራት፣ ሐኪሟ ምን እንዳለች፣ ምን እንደታዘዘላት፣ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩት። መጨረሻ ላይ «እግዜር ያሳያችሁ» የሚል ጨመርኩበት።

«እስኪ አንብቢልኝ» አለች።

ማንበብ ስጀምር ተጨፍኖ የቆየው ዓይኗ ተገለጠ።

«እምዬ! ይኼን ሁሉ ለማን ነው የምትነግሪው?»

«እንዲያምኑሽ ነዋ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?»

«ለሐኪሟ መች ደበቅኩ? መድኃኒቱን እሷ ሰጥታኛለች። ኃላፊዬ ምን ሊያዝልኝ ነው?»

«ቢያዝንልሽ ምን አለበት?» አልኩ።

«ጠጠሩን ታውቂዋለሽ?»

«የቱን ጠጠር?»

«ካርቶን የሚያሽገውን ልጅ። አምና ኩላሊቱን ሲያመው ሁሉንም ነገር ግሩፑ ላይ ጻፈው፤ ‹ጠጠር ነው አሉኝ› ብሎ። ተሽሎት ከተመለሰ ስንት ጊዜው፤ ዘበኛው ሳይቀር ‹ጠጠሩ፣ መታወቂያህን አሳይ› ነው የሚለው። የሠርግ ጥሪ ሲጽፉለት እንኳ ‹ለአቶ ጠጠሩ ከነባለቤትዎ› ብለው ጻፉለት።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ልትስቅ ብላ አመማትና ተወችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የኔ እንደ ጠጠር የሚሳቅበት አይደለም፤ ታውቂዋለሽ» አለች።

አውቀዋለሁ። የጻፍኩትን በሙሉ አጠፋሁትና እሷ ያለችውን ብቻ ጻፍኩ።

ወረቀቱን መላክ ቀረ። ስለዚህ ወረቀት ሐኪም ቤት ውስጥም ተጨቃጭቀን ነበር። ሐኪሟ ብዕሯን ይዛ፣ «ለመሥሪያ ቤት ነው አይደል? የሕመሙን ዓይነት ልጻፈው ወይስ ልተወው?» ስትል እኔ «ይጻፍ!» ልጅቷ «ይተው» አልን፣ እኩል። ሐኪሟ ያየችው እሷን ነው። እናም ወረቀቱ ላይ ስሟ፣ የካርድ ቁጥሯ፣ ከሥራ የምታርፍባቸው ቀናት፣ ፊርማና ማኅተም ብቻ ሰፈረ። እኔ ጎደሎ መስሎኝ እስከ ቤት ድረስ አጉረመረምኩ።

አልጋው ላይ ዘርግቼ ፎቶ አነሳሁት። ጥሩ አድርጌ ያነሳሁ መስሎኝ ልልከው ስል፣ «አሳዪኝ» አለችና በሁለት ጣቷ አጎላችው። ከሥሩ የመድኃኒት ማዘዣው ጫፍ ወጥቶ ይታያል። የመድኃኒቱ ስም ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

«ይኼን ያየ ሰው ስልኩ ላይ ይፈልገውና በሽታዬን ያውቃል።»

ክው አልኩ። ቃሉን አጥፍቼ፣ በፎቶ ልልከው! ማዘዣውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ወረቀቱን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን አድርጌ እንደገና አነሳሁት። የፊተኛውን ፎቶ እንድትደመስሰው ስልኩን ሰጠኋት። ከዚያ ለኃላፊውም፣ ፈቃድ ለሚመዘግበው ለፐርሶኔልም ላክነው።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ኃላፊው ነው። ልጅቷ «አንቺው አንሺው» አለችኝ። አነሳሁት።

«አያቷ ነኝ ልጄ።»

«እንዴት ዋሉ እማማ? ምን ሆና ነው?»

«አሟታል። ወረቀቱ ደርሶሃል አይደል?»

«ደርሶኛል፤ ግን በሽታው አልተጻፈበትም። ሠራተኞቹ እየጠየቁኝ ነው እኮ፤ ምን ልበላቸው? ለኔ ብቻ ይንገሩኝ፣ እዚሁ በኛ መካከል ይቀራል።»

ክፉ ልጅ አይደለም፤ ድምፁ ደክሟል። እሱም አለቃ የሚያስጨንቀው ሰው ነው። የሕመሟ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ብነግረው ያዝንልናል፣ ማስጠንቀቂያውም ይቀራል፣ እኔም እተነፍሳለሁ። ልጅቷን አየኋት። እሷም አየችኝ፤ ሕፃን ሆና መርፌ ስትወጋ እጄን ይዛ ታየኝ እንደነበረው።

«ልጄ» አልኩት፣ «ሐኪሟ እስከ እሑድ ከሥራ ትረፍ ብላለች። ወረቀቱን ከተጠራጠራችሁ የሐኪም ቤቱ ስልክ ማኅተሙ ላይ አለ፤ ደውላችሁ እነሱ ሰጥተውት እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ያለፈውን እሷ ካልፈቀደች እኔም አልናገርም።»

«ኧረ እማማ፣ ሐሰት ነው መች አልኩ!»

«አላልክም። ለሠራተኞቹም ‹ፈቃድ ላይ ናት› በላቸው።»

ተነፈሰ። «እሺ፤ እንግዲህ ፐርሶኔል የሚለውን እንጠብቃለን» ብሎ ዘጋው። ድምፁ ቀዝቅዟል።

ከዚያ የያዘኝን ፍርሃት አታንሱት። በገዛ አፌ የልጄን እንጀራ የዘጋሁ መሰለኝ። ስልኩን አየዋለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፣ መልሼ አነሳዋለሁ። ልጅቷ ግን የመድኃኒቱ እንቅልፍ ይዟት ሄዷል።

ሲመሽ ከፐርሶኔል መጣ። «ደርሶናል፤ ፈቃድዎ ተመዝግቧል። ሲመለሱ ዋናውን ወረቀት ይዘው ይምጡ። ምሕረቱን ያምጣልዎ።» ይኼው ነው። እነሱም ምን ሆንሽ አላሉ።

አልቀሰቀስኳትም። ዋናውን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ አስገባሁት፣ ማዘዣውን እዚያው መሳቢያ ውስጥ ተውኩት፤ ሁለተኛ አብረው አያድሩም። ከዚያ ቆሻሻ ልደፋ ወጣሁ። ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ አገኘችኝ፤ የእሷ ጆሮ መቼ ይተኛል!

«እኔን! ልጅቷን ምን ነካት? ደግፈሽ ስታስገቢያት አየሁ።»

«ፈቃድ ላይ ናት።»

«ከምን?»

«ከሥራ ነዋ» አልኳትና ባልዲዬን ይዤ አለፍኩ።