ጥቅልዎ ታድሷል

እናቴ መንደር ውስጥ ኔትወርክ የምታገኘው ኩይሳ ላይ ስትወጣ ብቻ ነው። ወጥታ ሚስኮል ታደርጋለች፣ እኔ ከሉሳካ መልሼ እደውላለሁ። አንድ ቀን በአውቶቡስ ሹፌር እንዲህ ብላ ላከችብኝ፦ «ቾልዌ፣ አባትሽ ደክሟል። ነገ ከሰዓት በበሬ ጋሪ ኩይሳው ድረስ እናመጣዋለን። የቾልዌን ድምፅ ልስማ ብሏል።»

በማግስቱ የነበረችኝን ፍራንክ ሁሉ ለናሙኮሎ ሰጥቼ ካርድ ሞላሁ። ናሙኮሎ ገበያው በር ላይ በጃንጥላ ሥር ካርድ ትሸጣለች፤ ምላሷ አያድርስ ነው። ብዙም ሳይቆይ የእናቴ ሚስኮል መጣ። ደወልኩ። «ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም» አለችኝ ያቺ የማትደክም ሴትዮ።

«ናሙኮሎ! የሞላሽልኝ የት ገባ?»

«ስልክሽ ውስጥ ነዋ! በልተሽዋል ልትይኝ ነው?»

«በልተሽዋል እንጂ! ሌባ!»

ሰው ከበበን። ስልኬ አንዴ ጮኸና ተቋረጠ። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ጩኸቴን ቀጠልኩ። ደግሞ ጮኸ፣ ተቋረጠ።

ናሙኮሎ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «መልእክትሽን አታነቢም?»

«ማስታወቂያ ነው ሁሉም!»

«ይሄም ማስታወቂያ ነው?» ብላ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «የሳምንት የኢንተርኔት ጥቅልዎ ታድሷል። እናመሰግናለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ባለፈው ስትገዢ ‹በራሱ የሚታደስ› እና ‹ለአንድ ጊዜ› ብሎ ሲጠይቅሽ የቱን ነካሽ?»

«የመጀመሪያውን... ሁሌም የመጀመሪያውን ነው የምነካው።»

«ይኸውልሽ። ትናንት ጊዜው ሲያልቅ ሂሳብ አጥቶ አድብቶ ቆየ። ዛሬ ስትሞዪ ላፍ አደረገው።»

«መልሺልኛ!»

«ማደሱን ላስቆምልሽ እችላለሁ፤ ለሚቀጥለው ይጠቅምሻል። የተቆረጠው ግን አይመለስም፣ ኢንተርኔቱን ሰጥተውሻላ።»

ኢንተርኔት ሞልቶልኛል። የእናቴ ስልክ ግን ባለ ቁልፍ ነው፤ ኢንተርኔት የሚባል አያውቅም። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ የአባቴን ነገር እያለቀስኩ ነገርኳት።

ናሙኮሎ ፊቷ ተለወጠ። የራሷን ስልክ ዘረጋችልኝ። «ቶሎ ደውዪ! አንቺ ደረቅ፣ ከመሳደብሽ በፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አይቀበልም። ከኩይሳው ወርደዋል።

አባቴ ወደ ቤት ሲመልሱት ጋሪው ላይ አረፈ። ይህን የሰማሁት በማግስቱ ነው፣ ወንድሜ ሃሙንጋ በሰው ስልክ ደውሎ።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ጠበቀሽ። ከዚያ ‹ሥራ በዝቶባት ነው፣ እንዳትቆጧት› አለን።»

ጥቅሉ ገና አላለቀም።