አልከፈት ያለው

አናጢው ከኢንተርኔት መደብር የገዛው ጌም አልከፈት ብሎ አበሳውን አሳየው። የኮምፒውተሩን ድራይቨር አደሰ፤ ጌሙን አጥፍቶ እንደገና ጫነ፤ ያው ጥቁር ስክሪን ነው። ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ ለመደብሩ ሲጽፍ፣ «ከሁለት ሰዓት በላይ ስለተጫወቱ አንመልስም» አሉት። ለካ አሁን ይከፈታል እያለ ጥቁሩ ላይ ሲያፈጥ፣ መደብሩ ተጫወተ ብሎ ሲቆጥርበት ኖሯል። ደሙ ፈላ።

ሚስቱ ኪቦርዱን ቀማችውና ከጥቁሩ ስክሪን ፎቶ ጋር እንዲህ ብላ ላከች፦ «ባሌ አልተጫወተም። ጥቁሩን ስክሪን ሲሰድብ ነው የዋለው፤ እኔ ምስክር ነኝ።»

በማግስቱ መልስ መጣ፦ «አይተነዋል፤ ገንዘቡ ወደ ካርድዎ ይመለሳል። ምስክርዎን ያመስግኑልን።»

አናጢው እፎይ ብሎ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ።

«በል እንግዲህ» አለች ሚስቱ፣ «አንተ የሠራኸው ቁም ሳጥንም አልከፈት ብሎኛል፤ ለማን ልጻፍ?»